ማን ቀድሞ ሞተ?

(ደሴ ላይ ለፊቅህ ኮርስ ተማሪዎች ከሰጠሁት ትምህርት የተጻፈ)

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ዛሬ የምንሠራው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። አንድ ቤት፣ ሁለት ሞት፣ አንድ ያልተከፋፈለ ንብረት። ባለፈው ሳምንት የውርስ ድርሻዎቹን ሰንጠረዥ በቃል ይዛችኋል። ሚስት ልጅ ካለ ስምንተኛ፣ እናት ልጅ ካለ ስድስተኛ፣ ወንድ ልጅ የሴት ልጅ እጥፍ። ጎበዝ ናችሁ። እኔም በደረሳነቴ ልክ እንደናንተ ጎበዝ ነበርኩ። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው።

ሐይቅ አካባቢ እየቀራሁ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ሸኻችን ዘንድ መጣች። ልጅ አዝላለች። ባሏ ሞቷል፣ አማቷም ሞተዋል። የአማቷ ንብረት ገና አልተከፈለም። ሸኻችን ቡና እየጠጡ ነበርና "እስቲ አንተ አስላላት" አሉኝ። ደስ አለኝ። ሉሔን አነሳሁና ማን ማን እንዳለ ጠየቅኋት። አማቷ ሴትዮዋ አሉ፣ የባሏ ወንድም አለ፣ የባሏ እህት አለች፣ ይኼ የታዘለው ልጅ አለ። እኔ ሆዬ ጊዜም አልፈጀሁ። "የልጅ ልጅ አጎቱ እያለ አይወርስም" አልኳት።

ሴትዮዋ አልተከራከረችም። የልጁን እግር ወደ ጀርባዋ አስገባችና ልትነሳ ተዘጋጀች። ሸኻችን ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ማን ነው ቀድሞ የሞተው? አማትሽ ናቸው ባልሽ?"

"አማቴ ናቸው። ባሌ ከሳቸው ሁለት ዓመት በኋላ ነው።"

ወደ እኔ ዞሩና "አጥፋው" አሉኝ።

ያጠፋሁትን ዛሬ ከእናንተ ጋር እንደገና ልሠራው ነው። ቁጥሮቹ ግን የዚያች ሴት አይደሉም። ለመማሪያ እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። የዐረብኛ ኪታቦች በምሳሌ ሁሉ የሚገድሉት ዘይድን ነው። ዛሬ ዘይድ ይረፍ። ሟቻችንን ሰይድ እንበለው።

ሰይድ የእህል ነጋዴ ነው እንበል። ሲሞት ሚስቱ ዘሃራ አለች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ አህመድና ሙሄ። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ፋጡማ። አባትና እናቱ ቀድመውት ሞተዋል። ከፈን ተገዛ፣ ዕዳ ተከፈለ፣ ኑዛዜ ካለም ተፈጸመ። የዘሃራ የራሷ የሆኑት ከብቶች ተለይተው ወጡ። ይኼን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሚስት በራሷ ገንዘብ ያፈራችው የሟች ንብረት ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ ስምንተኛው ተቆርጦ ይሰጣታል። የገዛ ላሟን ስምንተኛ መውረስ ማለት እኮ ነው! ይኼ ሁሉ ከተጣራ በኋላ 480,000 ብር ቀረ።

እዚህ ምንጣፉ ላይ ሽምብራ ይዤ መጥቻለሁ። ሳቁ እንጂ፣ ለፈራኢድ ከሽምብራ የተሻለ መምህር የለም።

ዘሃራ ስምንተኛ ስላላት በ8 ፍሬ እንጀምር። አንዷ ለዘሃራ። ሰባቱ ለልጆቹ። ልጆቹ ሦስት ቢሆኑም በድርሻ አምስት ናቸው። አህመድ ሁለት፣ ሙሄ ሁለት፣ ፋጡማ አንድ። ሰባት ፍሬ ለአምስት አይካፈልም። ስለዚህ እያንዳንዷን ፍሬ አምስት ቦታ እንሰብራታለን። ስምንቱ 40 ይሆናሉ። ለዘሃራ 5፣ ለአህመድ 14፣ ለሙሄ 14፣ ለፋጡማ 7። ደምሩት። 40 መጣ። ኪታቦቹ ተስሒሕ የሚሉት ይኼን ነው፤ ስብርባሪ እንዳይቀር መነሻውን ቁጥር ማሳደግ።

በብር ከፈለጋችሁ አንዷ ፍሬ 12,000 ብር ናት። ዘሃራ 60,000፣ ሁለቱ ወንዶች እያንዳንዳቸው 168,000፣ ፋጡማ 84,000።

እስከዚህ ሁላችሁም ትችሉታላችሁ። ቤተሰቡ ግን አልተካፈለም። ለምን? በኛ አገር የታወቀ ነው። "እናታችን በሕይወት እያለች?" ይባላል። "አርባው ይውጣ" ይባላል። አርባው ሲወጣ "መከሩ ይግባ" ይባላል። መከሩ ይገባል፣ ሌላ መከር ይመጣል። ሱቁን አህመድ ያስተዳድራል፣ ፋጡማ ባል አግብታ ትሄዳለች። በሁለተኛው ዓመት ሙሄ ይሞታል።

ሙሄ ሲሞት እናቱ ዘሃራ አለች። ሚስቱ ሐዋ አለች። አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ኑሩ። ወንድሙ አህመድና እህቱ ፋጡማም አሉ።

አሁን ቤተሰቡ ሊካፈል ተሰበሰበ። ሽማግሌም ተጠራ። የተለመደው ስህተት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ሽማግሌው በዓይኑ ያለውን ሰው ይቆጥራል። ሚስት አለች፣ አንድ ወንድ ልጅ አለ፣ አንዲት ሴት ልጅ አለች፣ የልጅ ልጅ አለ። የልጅ ልጁ በአጎቱ ተከልሏል። ሐዋ ደግሞ ምራት ናት፣ ምራት አትወርስም። ስለዚህ ዘሃራ ስምንተኛዋን 60,000 ትውሰድ፣ አህመድ 280,000፣ ፋጡማ 140,000። ሲደመር 480,000 ይመጣል። ድምሩ ልክ ነው! ለዚህ ነው ይኼ ስህተት አደገኛ የሆነው። የሒሳብ ስህተት ቢሆን ድምሩ ያጋልጠው ነበር። ይኼ ግን የቀን ስህተት ነው።

ንብረት ወደ ወራሽ የሚሻገረው ሽማግሌ በተሰበሰበ ቀን አይደለም። ባለቤቱ በሞተ ቅጽበት ነው። ሰይድ ነፍሱ ስትወጣ ሙሄ በሕይወት ነበር። ስለዚህ ከ40 ፍሬ 14ቱ በዚያችው ቅጽበት የሙሄ ሆነዋል። አልተረከባቸውም፣ አልቆጠራቸውም፣ ምናልባትም ስንት እንደሆኑ አላወቀም። ግን የሱ ናቸው። ሲሞት የሰይድን ንብረት ሳይሆን የራሱን 14 ፍሬ ትቶ ሞተ። ኑሩም ከአያቱ አይደለም የሚወርሰው። ከአባቱ ነው። ከአባቱ ጋር ደግሞ አጎት የሚባል ከልካይ የለም።

እንዲህ ያለው መስአላ ሙናሰኻ ይባላል። ውርስ ሳይከፈል አንዱ ወራሽ ሲሞትና ውርስ በውርስ ላይ ሲደረብ ማለት ነው። አሠራሩም የሚጀምረው የመጀመሪያውን ሞት ሁለተኛው እንዳልተከሰተ አድርጎ በመጨረስ ነው። ጨርሰናል። አሁን የሙሄን እንሥራ።

የሙሄ ሚስት ሐዋ ልጅ ስላለ ስምንተኛ አላት። እናቱ ዘሃራም ልጅ ስላለ ስድስተኛ አላት። ቀሪው በሙሉ ለኑሩ ነው፤ ወንድ ልጅ ዐሰባ ነውና የተረፈውን ይጠቀልላል። አህመድና ፋጡማ ከሙሄ ምንም የላቸውም። ወንድ ልጅ እያለ ወንድምና እህት አይወርሱም። ስምንተኛም ስድስተኛም የሚወጣበት ትንሹ ቁጥር 24 ነው። ለሐዋ 3፣ ለዘሃራ 4፣ ለኑሩ 17። ደምሩት፤ 24።

ሽምብራዋ አሁን ትፈትናችኋለች። ከፊታችሁ የሙሄ 14 ፍሬ አለ። ወራሾቹ ደግሞ 24 ድርሻ ይፈልጋሉ። እንዴት ታደርጋላችሁ?

አንድ ደረሳ ሁልጊዜ "ሁሉንም በ24 አባዙት" ይላል። ይሆናል፤ ስህተት አይደለም። 40 ጊዜ 24፣ 960 ትደርሳላችሁ። ግን 14ንም 24ንም የሚካፈል ቁጥር አለ፤ ሁለት። 14 ለሁለት 7፣ 24 ለሁለት 12። ስለዚህ እያንዳንዷን ፍሬ 12 ቦታ መስበር ይበቃል። የሙሄ 14 ፍሬ 168 ቅንጣት ይሆናል። 168 ለ24 ሲካፈል 7። ሙሉ ቁጥር፤ ስብርባሪ የለም።

አሁን ምንጣፉ ላይ ያለውን ሁሉ በ12 እንስበር። 40 ጊዜ 12፣ 480። ይኼ የሁለቱ ሞት የጋራ ቁጥር ነው፤ ጃሚዓ ይሉታል። ከሰይድ የወረሰ ሁሉ ድርሻው በ12 ይባዛል። ከሙሄ የወረሰ ሁሉ ድርሻው በ7 ይባዛል። ሁለቱን ቁጥሮች አታቀያይሩ። ፈተና ላይ ከሚሳሳቱት ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

አህመድ 14 ነበረው፤ በ12 ሲባዛ 168። ፋጡማ 7 ነበራት፤ 84። ዘሃራ ሁለት በር አላት። ከባሏ 5 በ12፣ 60። ከልጇ 4 በ7፣ 28። ባንድ ላይ 88። ሐዋ 3 በ7፣ 21። ኑሩ 17 በ7፣ 119። ደምሩ። 168፣ ሲደመር 84፣ 252። ሲደመር 88፣ 340። ሲደመር 21፣ 361። ሲደመር 119፣ 480።

የብሩን መጠን 480,000 ያደረግሁት ለዚህ ነበር። አንዷ ቅንጣት 1,000 ብር። ኑሩ 119,000 ብር አለው። ሽማግሌው ዜሮ ነበር የሰጠው። ሐዋ 21,000 አላት። ለሷም ዜሮ ነበር። ዘሃራ 88,000 አላት እንጂ 60,000 አይደለም። አህመድ ደግሞ 280,000 ሳይሆን 168,000 ነው ያለው። ልዩነቱ 112,000 ብር ነው፤ ያውም የወንድሙ የቲም ልጅ። አህመድ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ሽማግሌ የሰጠውን ነው የተቀበለው።

ፋጡማም በስህተቱ ተጠቅማለች፤ 56,000 ያለአግባብ ደርሷታል። ይኼን የምላችሁ የተበደለ ብቻ ሳይሆን ያለዕውቀቱ የበላም እንዳለ እንድታዩ ነው። ስህተት ስታርሙ ከሁለት ሰው እጅ ነው የምታወጡት። ስለዚህ ስሌታችሁን ይዛችሁ እንጂ በባዶ እጅ አትግቡ።

እስቲ አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ሰዎቹ እነዚያው፣ ብሩም ያው ነው። ሙሄ ግን ከአባቱ ከሰይድ አንድ ቀን ቀድሞ ይሙት።

ሰይድ ሲሞት ሙሄ የለም። ወራሾቹ ዘሃራ፣ አህመድና ፋጡማ ናቸው። ኑሩ የልጅ ልጅ ነው፤ ቅርቡ ወንድ አህመድ እያለ አይወርስም። ባለድርሻዎች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የተረፈው ለቅርቡ ወንድ እንደሆነ ኢብኑ ዐባስ ያስተላለፉት ሐዲስ ይናገራል። ዘሃራ 60,000፣ አህመድ 280,000፣ ፋጡማ 140,000። እንዴ! ይኼ እኮ የሽማግሌው ክፍፍል ነው። አዎ። ሽማግሌው የሠራው ሒሳብ ትክክለኛ ነበር፤ ለሌላ ቤተሰብ። እኔም ሉሔ ላይ የጻፍኩት ትክክለኛ ሕግ ነበር፤ ለሌላ ልጅ።

በዚህኛው መልክ ለኑሩ ምንም መንገድ የለም ወይ? አለ፤ መንገዱ ግን በውርስ በር አይደለም። ኑሩ ወራሽ ስላልሆነ ሰይድ በሕይወቱ እያለ ሊናዘዝለት ይችላል፤ እስከ ሲሶ ድረስ፣ በኛ ምሳሌ እስከ 160,000 ብር። ለወራሽ ኑዛዜ የለም፣ ለኑሩ ግን አለ። ልጁ ቀድሞት የሞተ አያት ስታገኙ ይኼን ንገሩት። ግብፅ በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የኑዛዜ ሕግ አያት ባይናዘዝ እንኳ ለእንዲህ ዓይነቱ የልጅ ልጅ ከሲሶ ሳያልፍ እንዲሰጠው አድርጋለች። እኛ ጋ ቃዲ ዘንድ የሚሠራበት አይደለም፤ ስለዚህ አያት ካልተናገረ ነገሩ አለቀ።

ሦስተኛ መልክም አለ። አባትና ልጅ አንድ መኪና ላይ ተገልብጠው ሞቱ እንበል። ማን እንደቀደመ የሚያውቅ ሰው የለም። ወሎ ውስጥ የሚቀራው የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀብ እዚህ ላይ አይለያዩም። አንዱ ከሌላው አይወርስም። የሁለቱም ንብረት በዕለቱ በሕይወት ላሉት ወራሾቻቸው ይሄዳል። ሐንበሊዮች ዘንድ የታወቀ ሌላ አስተያየት አለ፤ አላስገባችሁም። የምትጠይቁት ግን ይታወቅ። ምስክር አለ ወይ? አንዱ ሐኪም ቤት ደርሶ ነው ወይ የሞተው? ከአባቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት የኖረ ልጅ ወርሷል። ያቺ ግማሽ ሰዓት ለኑሩ 119,000 ብር ናት።

ወደ መጀመሪያው ቤተሰባችን ልመለስና አንድ ውስብስብ ነገር ላክል። ሐዋ መህሯን አልተቀበለችም። 24,000 ብር ቃል ተገብቶላት ሙሄ ሳይከፍል ሞተ። መህር ዕዳ ነው፤ ከውርስ በፊት ይከፈላል። ጥያቄው ከየትኛው ንብረት የሚለው ነው።

ከ480,000 ላይ አትቀንሱ! ዕዳው የሰይድ አይደለም። አህመድና ፋጡማ የወንድማቸውን ሚስት መህር ከአባታቸው ውርስ አይከፍሉም። የሚቀነሰው ከሙሄ 168,000 ላይ ብቻ ነው። 144,000 ይቀራል። ይኼን በ24 አካፍሉ፤ አንዱ ድርሻ 6,000። ለሐዋ 18,000፣ ለዘሃራ 24,000፣ ለኑሩ 102,000። ሐዋ በመህሯና በውርሷ 42,000 ይዛ ትወጣለች። ዘሃራ ከሁለቱ በሮች 84,000።

እዚህ ላይ የ480ው ጃሚዓ እንደማይሠራ አስተዋላችሁ? ከሁለት ሞት መካከል ዕዳ ሲገባ አንዱ ድርሻ ከሌላው እኩል ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ የኔ ምክር ይኼ ነው። ጥሬ ብር ከሆነ እያንዳንዱን ሞት ለብቻው በብር ሥሩ። ጃሚዓው የሚያስፈልጋችሁ ቤት ወይም ሱቅ ሳይሸጥ በጋራ የሚያዝ ከሆነ ነው። "ኑሩ ከዚህ ሱቅ ከ480 እጅ 119 አለው" ተብሎ ይጻፋል። ኪራይ ሲመጣም በዚያው ልክ ይካፈላል። ሰይድ ከሞተ ጀምሮ የተሰበሰበውም ኪራይ ከወጪው በኋላ የወራሾች እንጂ የአህመድ ብቻ አይደለም።

በምሳሌው ውስጥ የእርሻ መሬት ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው። በአገራችን ሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፣ የሚተላለፈውም በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ነው። በሽምብራ አትከፋፍሉት። ሌላው፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ተከራካሪዎች ሁሉ ሲስማሙ ነው። አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ይሄዳል። በዚያ ደግሞ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀድሞ የሞተን ልጅ በልጆቹ ይተካዋል። ከኛ ሁለተኛ መልክ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በየት እንደሚዳኝ ሳይስማማ ሽምብራችሁን አትዘርጉ።

እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው የሟቾችን ስም በተርታ፣ ከያንዳንዱ ስም ሥር የሞተበትን ወር መጻፍ ነው። ሰው ቀኑን አያስታውስም። "ኢድ አልፎ ነበር"፣ "ማሽላው ገና ወተት ነበር" ይላል። በቂ ነው፤ የሚያስፈልገን ቅደም ተከተሉ እንጂ ቀኑ አይደለም። ከዚያ ከያንዳንዱ ሟች ሥር "በዚያን ዕለት ማን ነበር?" ብዬ እሞላለሁ። ኪታቦቹ ይኼን ሠንጠረዥ ሹባክ ይሉታል፤ መስኮት ማለት ነው። እያንዳንዱ ሞት አንድ መስኮት። በአንዱ መስኮት የሚታይ ሰው በሌላው ላይታይ ይችላል።

የቤት ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። ያው ቤተሰብ ነው፣ የመህሩን ነገር ተዉት። አሁንም አልተካፈሉም። ዘሃራም ሞተች። አህመድ፣ ፋጡማ፣ ሐዋና ኑሩ አሉ፤ የዘሃራ ወላጆች የሉም። ሦስተኛውን መስኮት ክፈቱ።

ፍንጭ ልስጥ። ዘሃራ ከ480 እጅ 88 ነበራት፤ 88 ለሦስት አይካፈልም። ኑሩንም ተጠንቀቁ። ከአያቱ ከሰይድ ንብረት በአባቱ በኩል ደርሶታል። በአያቱ በዘሃራ ጊዜ ግን አባቱ ቀድሟት ሞቷል፤ አጎቱም አለ። የመጨረሻው ቁጥር 1,440 ካልመጣላችሁ፣ ከሱም ውስጥ አህመድ 680፣ ፋጡማ 340፣ ሐዋ 63፣ ኑሩ 357 ካልሆኑ አጥፉና እንደገና ጀምሩ።